ካውያ የነካው ቲኬት

እትዬ ካውያ እርጥብ ወረቀት አይታ ማለፍ አትችልም ነበር። ደንበኞች ኪሳቸው ውስጥ የረሱትን በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ፣ አብሮ የታጠበ ገንዘብ፣ የተጨማደደ የሕፃን ፎቶ፣ ብቻ ምንም ይሁን፣ እኔ ከገንዳው አውጥቼ ካቀበልኳት እሷ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች። ነጭ ጨርቅ ታለብሰውና በካውያው ቀስ አድርጋ ትሄድበታለች። ጨርቁን ስታነሳው ወረቀቱ ደርቆ፣ ቀጥ ብሎ ይገኛል። ደንበኛው ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ሸሚዙ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ያገኘዋል። አንድ ሰውዬ እንዲያውም የእናቱን ፎቶ እንደዚህ አግኝቶ ቆሞ አልቅሷል። ካውያ የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ነው። ሌላ ሰው እቃውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ እፎይ እንደሚል፣ እሷ ደግሞ ከተኮሰችው በኋላ ነበር እፎይ የምትለው።

እኔ አጣቢ ነኝ። ላውንደሪያችን ፊት ለፊቱ መቀበያ ነው፤ ከጀርባው እኔ የምሠራበት ውሃ ክፍል አለ፤ ከእሱ አለፍ ብሎ መስኮቱ የማይከፈተው የእሷ ክፍል። በመካከላችን በር የለም፣ መጋረጃ ብቻ ነው። አብረን ብዙ ዓመት ሠርተናል፤ እኔ ስለሷ የማውቀውን ያህል እህቶቿም የሚያውቁ አይመስለኝም። ባሏ ሞቷል። አንድ ልጇ አግብታ ሩቅ ሄዳለች። የምትኖረው የባሏ ታናሽ ወንድም ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነው። ቀኝ ትከሻዋ ከተበላሸ ቆይቷል። ሐኪሙ፣ "ሥራ ካልቀየሩ ይህ እጅ አንድ ቀን አልነሳም ይልዎታል" ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር።

"ምን አልሽው?" አልኳት።

"ሥራ ካለዎት ይስጡኝ አልኩት።"

የላውንደሪው ባለቤት፣ እመቤቷ ደግሞ፣ ክፉ ሰው ሆና ሳይሆን፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመተኮሻ ማሽን ስለመግዛት ማውራት ጀምራ ነበር። እትዬ እንዳልሰማ ሆና ትተኩሳለች። እጇ እንቢ ያላት ቀን የት እንደምትወድቅ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ የባሏ ወንድም እጅ ላይ ነው።

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ሎተሪ ትቆርጣለች። መንገዱ ማዶ ያለው ባለ ኪዮስክ ማሽን አለው፤ ስድስት ቁጥር ትነግሩታላችሁ፣ ይነካካል፣ ቲኬቱ ታትሞ ይወጣል። የእሷ ቁጥሮች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። መደርደሪያችን ላይ ባለቤት ሳይመጣላቸው የቀሩ ልብሶች አሉ፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍታበታለች። እሷ የምትቆርጠው የእነዚያን ቁጥር ነው። "ጠያቂ የሌላቸው ናቸው፣ እኔ ልጠይቃቸው እንጂ" ትላለች።

ውጤቱን ግን ራሷ አይታ አታውቅም። ያለፈውን ሳምንት ቲኬት ለባለ ኪዮስኩ ትሰጠዋለች፤ እሱ ማሽኑ ላይ ያሳየውና፣ "ምንም የለም እትዬ" ይላታል። እኔም አላስቀምጣትም ነበር፤ "ምንም የለም እንዲልሽ በየሳምንቱ ትከፍይዋለሽ፤ እኔ በነጻ ልንገርሽ" እላት ነበር።

የነገሩ ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እመቤቷ የዕለቱን ጋዜጣ አንብባ ስትጨርስ ለሸሚዝ መጠቅለያ ትሰጠናለች። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ እያለሁ ከመጋረጃው ወዲያ የካውያው ድምፅ ጠፋ። እትዬ በሥራ ሰዓት ካውያ አታቆምም። ገልጬ አየሁ። ጋዜጣውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ደም የለም።

"ነይ እስቲ አንብቢልኝ" አለችኝ። "እኔ አላመንኩትም።"

እኔም ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ከቲኬቱ ላይ አንድ ቁጥር ስትጠራ እኔ ጋዜጣው ላይ እፈልጋለሁ፤ አገኘዋለሁ። ሁለተኛውንም አገኘሁት። አራተኛው ላይ ስንደርስ ድምጿ ወረደ። ስድስተኛውን በከንፈሯ ብቻ ነው ያለችው።

"ቀኑስ?" አልኳት። "የየትኛው ሳምንት ዕጣ ነው? ከዚህ በፊት የወደቀው ቲኬትሽ እንዳይሆን።"

ቲኬቱ አናት ላይ የዕጣው መለያ ቁጥርና የሚወጣበት ቀን ተጽፏል። ጋዜጣውም ላይ አለ። አንድ ናቸው፤ ትናንት ማታ የወጣው ዕጣ ነው።

ሰዎች ሲነግሯችሁ፣ ጮኸን፣ ተቃቅፈን ዘለልን ይላሉ። እኛ በመጀመሪያ ያደረግነው መጋረጃውን መዝጋት ነው። እመቤቷ ፊት ለፊት ከደንበኛ ጋር ታወራለች። እትዬ የልብስ ክምር ላይ ተቀመጠች። "አሁን ምን ይውጠኛል?" አለች። ዕድል የደረሰው ሰው ቃል አይመስልም፤ እኔም ግን ያሰብኩት ያንኑ ነበር።

"ጋዜጣ ይሳሳታል" አልኳት። "የሎተሪው ድርጅት ራሱ የሚያወጣው ዝርዝር ኪዮስኩ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ሄጄ እሱን አያለሁ። ቲኬቱን አልወስድም፤ ቁጥሮቹን ብቻ ጻፊልኝ።"

የልብስ ቁጥር በምንጽፍበት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፈችልኝ፤ የዕጣውን መለያና ቀኑንም ጨመረችበት። ጨርቋን ጡቴ ሥር ሸጎጥኳት። ወደ በሩ ስዞር እሷ ተነስታለች። ቲኬቱ ከሽርጧ ኪስ ስለወጣ በእንፋሎት ረጥቦ ጥግ ጥጉ ተጠቅልሎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነጩን ጨርቅ አለበሰችው።

እኔ ያየሁት ሁልጊዜ የማየውን ነገር ስለነበር ዓይኔ አየው እንጂ ልቤ አላየውም። ካውያው ሲያርፍ ነው የነቃሁት። እጇን ያዝኩት። ካውያው ተነሳ፤ ጨርቁ ተነሳ።

የቲኬቱ ግማሽ ጠቁሯል። እንደ ተቃጠለ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ቀለም የደፋበት ይመስል ለጥ ብሎ ጠቁሯል። ቀኑ የለም። የዕጣው መለያ የለም። ስድስቱ ቁጥሮች በነበሩበት ቦታ ጥቁር ብቻ ነው። ከታች ያለው ባለ መስመር ባርኮድና ሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር ተርፏል፤ እሱም ቢሆን አንድ ጥጉ ግራጫ ሆኗል።

እትዬ ካውያውን በቦታው አቆመችው። ሶኬቱን ነቀለችው። ከዚያ እጇን አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚታይ።

"ላድነው ብዬ ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እንዲደርቅ ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ እትዬ። አትንኪው፤ ልሂድና ልምጣ።"

መንገዱን ስሻገር አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ ቁጥሩ እንዳይገጥም። ባይገጥም ጋዜጣው ተሳስቷል፣ ካውያውም የጎዳው የማይረባ ወረቀት ነው፣ ማታ ሁለታችን ስቀንበት እንተኛለን። ድርጅቱ ማኅተሙን ያሳረፈበት ዝርዝር መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ማስቲካ የምገዛ መስዬ ቆምኩ። መጀመሪያ መለያውን አየሁ፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወረድኩ። ሁሉም ገጠመ። ከሥሩ ደግሞ አንደኛ ዕጣ የደረሰው ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ተጽፏል።

ባለ ኪዮስኩ ከመስታወቱ ወዲያ ፈገግ ብሏል። "እዚህ እኔ ጋ ነው የተሸጠው፤ ጠዋት ደውለው ነገሩኝ። ሰፈሩ በሙሉ ኪሱን እየበረበረ ነው። አንቺም ጀመርሽ እንዴ?"

"እኔ የሰው ኪስ ነው የምበረብረው" አልኩት። ሳቀ። ማስቲካውን እየከፈልኩ፣ "እንዲያው አንድ ሰው ቲኬቱ ቢበላሽበትስ? ቢርስ፣ ቢጠቁር?" አልኩ።

"ባርኮዱ ከተነበበ ተስፋ አለው። ካልተነበበ ዋናው መሥሪያ ቤት ይመረምራል፤ ሊከፍልም ሊከለክልም ይችላል። እኔ ትንንሹን ነው የምከፍለው፤ ትልቁን እዚህ ማንም አይነካውም።" ፈገግታው ጠፋ። "የማን ነው የተበላሸው?"

"የማንም። ደንበኛ ሲያወራ ሰምቼ ነው።"

"ደንበኛሽን አፍህን ዝጋ በይው" አለኝ። "ለእኔም እንዳያሳየኝ። ቲኬቱ የያዘው ሰው ንብረት ነው፤ ስም የለበትም።"

ሲያስጠነቅቀኝ ይሁን ሲያስፈራራኝ ያኔ አልገባኝም። ከኪዮስኩ ጎን ቆመው የነበሩ ሁለት ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ። ቀና ብዬ መራመድ አቃተኝ። ላውንደሪው በር ላይ ስደርስ ዞሬ አየሁ፤ አሁንም ያዩኛል።

እትዬ እንደተውኳት ቆማለች። "ገጠመ" አልኳት፤ እሷም ዓይኗን ጨፈነች።

ቲኬቱን ገልብጠን ጀርባውን ያነበብነው ያኔ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንብባው አታውቅም። በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። ሽልማት ቲኬቱን ላቀረበ ሰው ይከፈላል። ባለቤቱ ስሙን፣ የመታወቂያውን ቁጥርና ፊርማውን በዚህ ቦታ ያስፍር። ከፍተኛ ሽልማት በዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ ይጠየቃል። የጊዜ ገደቡ ካለፈ አይከፈልም። የተጎዳ ቲኬት ተመርምሮ ውሳኔ ይሰጥበታል። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ።

"ምን ይላል?" አለች።

"ከውሃ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ ይላል።"

እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ይስቃል ብትሉኝ አላምንም ነበር፤ እትዬ ግን ሳቀች፤ ትከሻዋን ይዛ፣ ድምፅ ሳታወጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መልኩን ቀየረና አቀፍኳት።

"ፈርሚበት" አልኳት። "አሁኑኑ።"

"የተበላሸ ነገር ላይ ፈርሜ ምን ሊረባኝ?"

"አሁን ይህ ወረቀት የማንም ነው። መሬት ቢወድቅ ያነሳው ነው ባለቤቱ። ፈርሚ።"

ጀርባው አልጠቆረም ነበር። እስክሪብቶውን ሳትጫነው ስሟን ጻፈች፤ የመታወቂያዋን ቁጥር ከመታወቂያዋ ላይ እያየች አሰፈረች፤ ፈረመች። በስልኳ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አነሳነው። "ለልጄ ልላክላት?" አለች። ለማንም አትልኪም አልኳት። ፎቶ የቲኬቱን ቦታ አይተካም፤ በሰው እጅ ከገባ ግን ወሬ ይሆናል።

ቀጥሎ የት እናስቀምጠው የሚለው መጣ። ላውንደሪ ውስጥ ያልረጠበ ቦታ ይሞቃል፤ ያልሞቀ ቦታ ይረጥባል። እሷ ቤት ቆርቆሮው ከላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከዚያም በላይ የባሏ ወንድም የክፍሏ ትርፍ ቁልፍ አለው። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰኞ ነው የሚከፈተው። በመጨረሻ ያሰብኩት ኮሌታ የምናጠነክርበትን የስታርች ዱቄት ሣጥን ነው። ስታርች እርጥበት ከነካው ይጓጉላል፣ ስለዚህ ከሁሉ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነው ጥግ፣ ወለሉ አጠገብ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ እንቆልፈዋለን። ቲኬቱን በሁለት የኮሌታ ካርቶን መካከል አደረግነው፤ ላስቲክ አላለበስነውም፤ ሳናጥፈው በወረቀት ፖስታ ከተን ከስታርቹ ሣጥን ሥር አስገባነው። ቁልፉን እሷ አንገቷ ላይ አሰረችው።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍነው አትጠይቁኝ። እትዬ ጠዋት እኔ ቤት መጣች፤ ነጠላ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ ያቀረብኩላት ምግብ እንደቀረበ ተነሳ። ከደጅ የእግር ኮቴ ሲሰማ ሁለታችንም ዝም እንላለን።

"ውሃው ቢፈስስ?" ትላለች።

"ቧንቧውን ዘግቼዋለሁ።"

"እሳት ቢነሳስ?"

"ካውያውን ራስሽ ነቅለሽዋል።"

"ነቅዬዋለሁ?"

ከዚያ በኋላ እኔም እርግጠኛ አልሆንኩም። ከቀትር በኋላ ሁለታችን ተነስተን ላውንደሪው ድረስ ሄድን፤ የተቆለፈውን በር አይተን፣ የሚሸት ጭስ እንደሌለ አሽትተን ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ቲኬቱን አውጥተን ልንወጣ ስንል የባሏ ወንድም በጓሮው በር ገባ። ቤት በማከራየት የሚኖር፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም። እትዬ የምትፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

"እህቴ" አላት፤ "ትናንት ቀኑን ሙሉ ከቤት ጠፋሽ። አሞሻል?"

"ደህና ነኝ።"

"ኪዮስኩ አጠገብ ቅዳሜ ስለተበላሸ ቲኬት የጠየቀች አጣቢ ነበረች አሉ።" እኔን ሳያየኝ ነው ይህን ያለው። "እዚህ ቤት ሎተሪ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። የሞተው ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ማን ነበር ይህን ነገር የሚይዘው? እሱ ከሌለ እኔ ነኝ። ቢሮ አታውቂም፣ ሰው አታውቂም። የተበላሸ ነገር ደግሞ ሰው ይፈልጋል። እስቲ አሳዪኝ፤ ማየት ብቻ።"

ፖስታው ጡቷ ላይ፣ ከሽርጧ ሥር ነበር። እጇ ወደዚያ ሲሄድ አየሁ። ልከለክላት አልቻልኩም፤ ክፍሏ የሱ ነው፣ አልጋዋ የቆመው የሱ ወለል ላይ ነው። አውጥታ ሰጠችው።

ካርቶኑን ከፈተ። ጥቁሩን አየ፤ ከንፈሩን መጠጠ። "አየሽ? ይህን ይዘሽ ብትሄጂ ሳቅ ነው የሚሆንብሽ። እኔ የማውቀው ሰው አለ። እኔ ላይ ይሁን፤ በኔ ስም ይሁን፤ ከዚያ የቤተሰብ ነው።" እያወራ ቲኬቱን ወደ ደረት ኪሱ አስጠጋው፤ በዚያው ገለበጠው።

ስሟን አየ። ቁጥሩን አየ። ፊርማውን አየ።

ገንዳው ውስጥ የውሃ ጠብታ ይሰማል። ጣቶቹ ወረቀቱን ጠበቅ አደረጉት፤ ሊቀድደው መሰለኝ። እትዬ አልለመነችውም። እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ያቺ የታመመች ቀኝ እጇ እስከ ደረቷ ድረስ ወጥታ ቆየች።

"ማን ነው ፈርሚ ያለሽ?" አላት።

"ወረቀቱ ራሱ ይላል።"

በዚህ መሃል እመቤቷ ከፊት በኩል፣ "እትዬ፣ የሰውዬው ኮት ደርሷል?" ብላ ገባች። እሱም ወዲያው ፈገግ አለ፤ ቲኬቱን እጇ ላይ አኖረው። "ማታ ቤት እንነጋገራለን" ብሎ ወጣ። እሷ ግን ማታ ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም።

ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ በአውቶቡስ ሄድን። መካከል ላይ ቆመን፣ እኔ ከኋላዋ ተጠግቼ፣ የተሳፈረውን ሁሉ እየተጠራጠርኩ። ሰው ወንበር ሲለቅላት እትዬ አልቀመጥም አለች፤ ከተቀመጠች ፖስታው የሚታጠፍ መስሏታል። በሩ ላይ ጥበቃው ምን ጉዳይ እንዳለን ሲጠይቀን፣ "መጠየቅ ነው" አልነው። ተራ ያዝን።

መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረገች ሴት አለች። እትዬ መታወቂያዋን በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ አሳለፈች፤ ቲኬቱን ግን ያዘችው።

"እማማ፣ ካላየሁት አልረዳዎትም" አለቻት ሴትየዋ። ከዚያ ካርቶኑን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እዚሁ በፊትዎ ነው የማየው። ዓይንዎን አያንሱበት።"

ሰጠቻት። ሴትየዋ ጥቁሩን አየችና፣ "ምን ነካው?" አለች።

"ካውያ።"

"ለምን?"

"ልብስ ተኳሽ ነኝ" አለች እትዬ።

ሴትየዋ አልሳቀችም። ይህ ወረቀት ቀለም እንደሌለው፣ ማሽኑ በሙቀት እንደሚጽፍበት፣ ስለዚህ ሙቀት ሁሉ ሊጽፍበት እንደሚችል ነገረችን። ባርኮዱን ማንበቢያው ላይ አሳየችው። ማንበቢያው ዝም አለ። በለስላሳ ጨርቅ አበስ አድርጋ ደገመችው። ዝም አለ። እትዬ ክንዴን ስትይዘኝ ጥፍሯ ገባ። በሦስተኛው ሴትየዋ ማንበቢያውን ትታ ከባርኮዱ ሥር ያለውን ረጅም ቁጥር በእጇ መጻፍ ጀመረች፤ ግራጫው ጥግ ላይ ስትደርስ አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት አነሳች። የመጨረሻውን ቁጥር ስትነካ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር አየሁት። ተነስታ በጎን ያለውን በር ከፈተችልን።

ውስጠኛው ክፍል ውስጥ አንድ ኃላፊ ነበር። እዚያ የሰማነው የመጨረሻ ቃል አልነበረም። የቲኬቱ ቁጥር በመዝገባቸው ውስጥ አሸናፊ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቲኬቱ ግን የተጎዳ ስለሆነ እውነተኛ መሆኑ መመርመር አለበት። ከየት እንደገዛችው፣ ምን ጊዜ ላይ እንደሆነ፣ ቁጥሮቹን ማሽኑ እንደመረጠላት ወይስ ራሷ እንደመረጠች ጠየቃት።

"ራሴ ነኝ። ባለቤት የጠፋባቸው ልብሶች ቁጥር ነው" አለች። ስድስቱንም ሳታይ ነገረችው፤ የየትኛው ልብስ እንደሆነም ጨመረችለት፤ ሰማያዊ ኮት፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ ኪሱ የተቀደደ ሱሪ። ሰውየው መጻፉን አቁሞ አዳመጣት።

የጥያቄውን ቅጽ ሞላች፤ ፊርማዋን ከቲኬቱ ጀርባና ከመታወቂያዋ ጋር አስተያዩት። ቲኬቱን መረከባቸውን የሚያሳይ፣ የቲኬቱ ቁጥር ያለበትና ማኅተም የተመታበት ደረሰኝ ሰጧት። በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ እንድታመጣ ነገሯት፤ ይህን ያህል ሽልማት በእጅ አይሰጥም፤ ግብሩ ተቀንሶ ወደ ሒሳቧ ነው የሚገባው። "ከዛሬ በኋላ እከፍልዎታለሁ፣ አስቀድመው ይህን ይክፈሉ ብሎ የሚደውልልዎ ካለ እኛ አይደለንም" አላት። ስሟና ፎቶዋ እንዲወጣ ትፈልግ እንደሆነ ሲጠይቃት ከወንበሯ ልትነሳ ነበር።

"አይገደዱም" አላት።

"አልፈልግም። እለምንዎታለሁ።"

የምርመራው ጊዜ ረጅም ነበር፤ ወይም ለእኛ ረዘመብን። እትዬ እኔ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ የባሏ ወንድም ሁለቴ መጥቶ በለስላሳ ድምፁ ከደጅ ጠርቷታል፤ እኔ የለችም ብያለሁ። ሥራ ላይ ካውያውን ስታነሳ እጇ ይቆማል። አንድ ቀን የደንበኛ ኪስ ውስጥ ያገኘሁትን እርጥብ ደብዳቤ ሳቀብላት ወደ ኋላ ሸሸች። "አስጥተሽ አድርቂው" አለችኝ። ደብዳቤው ተኮራምቶ ደረቀ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ሲደወልላት መልሱን በፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ ያው የቅዳሜው ፊት ነበር። ቲኬቱ እውነተኛ ነው ተብሏል፤ ባርኮዱ፣ የሽያጩ ጊዜና የነገረቻቸው ሁሉ አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ገንዘቡ ሒሳቧ ውስጥ ገባ። እሷም በማግስቱ ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሄደች። የት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትም። "ካላወቅሽ ማንም አያስጨንቅሽም" አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ለኔም ከምትችለው አልነፈገችኝም፤ ያንን እዚህ አልጽፍም፤ ፍርሃቷ ትንሽ ወደኔም ተጋብቷል መሰለኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ከሰዓት በጓሮው በር መጣች። እመቤቷ ማሽኑን ገዝታለች፤ እትዬ በነበረችበት ቦታ እሱ ያፏጫል። ቀኝ እጇ ደህና ናት፤ ወንበር አንስታ ተቀመጠች። ቀሚሷ ግን ከላይ እስከ ታች ተጨማድዷል። እትዬ ካውያ፣ በሕይወቷ ሙሉ አንድ እጥፋት ያለበት ነገር ለብሳ ከደጅ ወጥታ የማታውቅ ሴት።

"አውልቂው" አልኳት፤ "አንድ ጊዜ ልሂድበት።"

"ተዪው" አለች፤ ማሽኑን እያየች። "እንዲሁ ይሻለኛል።"

ከዚያ ስናወራ ሁሉ፣ ሰው የሚከተላት ይመስል፣ ጀርባዋን ለበሩ አትሰጥም ነበር።